በአልጋው ግራና ቀኝ፦ የሁለት ወንድማማቾች የውርስ ጠብ

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በጠበቃ በኩል ነው። «ክሱ ተጽፎ አልቋል፤ ከማስገባቴ በፊት ግን አንድ ጊዜ አነጋግራቸው» አለኝ። በቤተሰብ መካከል የሚነሳ ጠብ ማስታረቅ ሥራዬ ነው። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው በሁለቱ ፈቃድ ነው። ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ፤ ስማቸውንም ትቼ ታላቁና ታናሹ እላቸዋለሁ።

ታላቁ በሥራ ምክንያት ከቤት ከወጣ 14 ዓመት ሆኖታል። ለወላጆቹ በየወሩ ገንዘብ ይልክ ነበር። ታናሹ ትዳር ከያዘም በኋላ ከወላጆቹ ቤት አልወጣም፤ 9 ዓመት ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው ኖሯል። በጓሮ በኩል ሁለት ክፍል ጨምሯል፣ የሚያፈሰውን ጣሪያም አስቀይሯል። አባታቸው ሁለት ዓመት ታመው፣ ኑዛዜ ሳይተዉ አረፉ። አንድ ዓመት ያህል ስለ ቤቱ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ከዚያ ታላቁ «ይሸጥና ድርሻ ድርሻችንን እንያዝ» አለ። ታናሹ «እኔ በሠራሁት ቤት ላይ ማን ነው ሻጭ?» አለ። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት በጠበቃ ነው።

ፋይሉን ሳገላብጥ መጀመሪያ የገረመኝ አንድ ነገር ነበር። ሁለቱም ሙሉውን ቤት ለሁለት ሲካፈሉ ነበር። ቤቱ ግን አባትና እናት በትዳር ሳሉ ያፈሩት ነው። እንዲህ ያለ ንብረት የጋራ በሚሆንበት ሕግ ደግሞ አንደኛው ሲሞት ውርስ የሚሆነው የሟቹ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የእናት ነው፤ እናት ደግሞ በሕይወት አሉ። ወንድማማቾቹ የሚጣሉበት ንብረት ከሚያስቡት በግማሽ ያንስ ነበር ማለት ነው። ይህ ስሕተት በሥራዬ ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ልጆች አባት ሲሞት «የአባታችን ቤት» ይላሉ፤ አፋቸው የለመደው እሱን ስለሆነ ሒሳባቸውም እሱኑ ይከተላል።

ቀጠሮ የያዝነው ለማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እናታቸው መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወደቁ። ስትሮክ ነው። ቀኝ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ንግግራቸውም ተወሰደ። የግራው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፤ የቀኝ ሰውነት የሚታዘዘው ከዚያ ነው፤ በአብዛኛው ሰው ቋንቋም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ 71 ዓመታቸው ነበር። የሚባለውን በከፊል ይረዳሉ፤ መልሱን ግን አያገኙትም። ታላቁን በታናሹ ስም ይጠሩታል፤ ታናሹን አንዳንዴ በሟቹ ባላቸው ስም።

ታላቁ ፈቃድ ጠይቆ መጣና እናቱ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ዘረጋ። ክሱ በጠበቃው መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ሁለቱን አንድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገርኳቸው እናታቸው አልጋ አጠገብ ነው። ፊታቸውን ሲያዩ ልባቸው ይራራል ብዬ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታላቁ ስለላከው ገንዘብ፣ ታናሹ ስለጣሪያው ይዘረዝሩ ጀመር፤ እያንዳንዱም ዓረፍተ ነገሩን ወደ እናቱ ዞሮ ነበር የሚጨርሰው፦ «አይደል እማዬ?» እናት ለሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ታላቁን በታናሹ ስም ጠሩት። «አየህ፣ እሷ የምታውቀው አንድ ልጅ ነው» አለኝና ወጣ። ታናሹ ደግሞ ንቅናቄውን እንደ ምስክርነት ይዞት ቀረ። እናት አለቀሱ። የአንጎል ጉዳት ስምን እንደሚያማታ ሳላስረዳቸው፣ መናገር የማትችል ሴት ፊት ችሎት አስቀምጬ ነበር። በሽተኛው መልስ መስጠት በማይችልበት አልጋ አጠገብ ሁለተኛ ስለ ንብረት አላነጋገርኩም።

በማግሥቱ የባሰ ነገር መጣ። አንድ ዘመድ «እሳቸው ይወስኑና ይለቅ» ብሎ የተጻፈ ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ ደረሰ። ወረቀቱ የእናትን ድርሻ ለታናሹ የሚሰጥ ነበር። ታናሹ አላስጻፈውም፤ ግን አልከለከለም። ዘመድየው «ተስማምተዋል፣ ራሳቸውን ነቅንቀዋል» አለ። ሁሉም ባሉበት እናትየውን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፦ «አሁን ተኝተዋል?» ነቀነቁ። ትንሽ ቆይቼ «አሁን ቆመዋል?» አልኳቸው። አሁንም ነቀነቁ። ክፍሉ ዝም አለ። የንግግር ጉዳት ባለበት ሰው «አዎ» ማለት ትርጉም የሚኖረው ተቃራኒው ሲጠየቅ «አይ» ማለት ሲችል ነው። ሐኪም የሚያደርገው ምርመራ ከዚህ በጣም ይሰፋል፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሕመምተኛ በቂ ጊዜና ሥዕል ሲሰጠው ፈቃዱን በግልጽ ማሳወቅ ይችላል፤ ስለዚህ ንግግሩ ስለተወሰደ ብቻ አእምሮው ተወስዷል ማለት አይደለም። የዚያን ቀን ግን ማንም ሰው የእሳቸውን ጣት ቀለም ውስጥ መንከር አልነበረበትም። ወረቀቱን የቀደደው ታናሹ ነው። ታላቁ ሲቀድደው አይቶታል። አንዱ ለሌላው ቃል አልተናገረም፤ እኔም አስተያየት አልሰጠሁበትም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ ቀላል ነው። ስለ ቤቱ የሚደረገው ንግግር ለአራት ወር እንዲቆም የሚያደርግ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀሁ። በዚያ ጊዜ ቤቱ አይሸጥም፣ አይከራይም፣ ምንም አይጨመርበትም፤ እናትም ምንም ነገር አይፈርሙም። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልገዋል። የውርስ ጥያቄ በይርጋ ሊታገድ ይችላል፤ «ቆይ፣ እማዬ ይሻላት» ሲባል ጊዜው ያልፍና መብት ይቀራል። ስለዚህ ጠበቃው ቀኑን ቆጥሮ የሚበቃ ጊዜ እንዳለ አረጋገጠልን። ታላቁ የፈረመው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። ሰው ጠቡን የሚያቆየው መብቱ እንዳልሞተ ሲያውቅ ነው።

ወደ አልጋው እንመለስ፤ ዋናው ነገር የሆነው እዚያ ነው።

ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ሰው በአንድ ጎን ከተዉ ቆዳቸው ይቆስላል። ነርሷ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገለበጡ አዘዘች። ሲበሉ ቀና ብለው፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና እንዳሉ ይቆዩ፤ ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባ ስለሚሄድባቸው ወፈር ተደርጎ በማንኪያ ይሰጣቸው። ሲውጡ ካሳላቸው፣ ወይም ድምፃቸው እንደረጠበ ከሆነ ይቁም። ቀኑን ታናሹና ሚስቱ ያዙት፤ ሌሊቱን ታላቁ። ወንድማማቾቹ ስለማይነጋገሩ የሚረካከቡበት መንገድ አስፈለገ፤ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ገዝቼ ራስጌ ላይ አስቀመጥኩ። ሰዓት፣ የተኙበት ጎን፣ የጠጡት፣ የቆዳው ሁኔታ ይጻፍበት አልኩ። ሌላ ዓላማ አልነበረኝም።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች የመጋዘን መዝገብ ይመስላሉ። «ሌሊት 6 ሰዓት፣ ግራ። 8 ሰዓት፣ ጀርባ። ውሃ 5 ማንኪያ።» ለማን እንደሚጻፍ አይታወቅም። በ19ኛው ቀን ገጽ ላይ ግን የታላቁ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «10 ሰዓት። የቀኝ ተረከዟ ቀልቷል። ስጫነው አይነጣም።»

ይህ ትክክለኛው ምልክት ነው። የቀላ ቆዳ በጣት ተጭኖ ሲለቀቅ ለአፍታ ነጥቶ ከተመለሰ ደም እየተዘዋወረ ነው፤ እንደቀላ ከቀረ ቁስል ከሥር ጀምሯል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ራሱ ላይታይ ስለሚችል መሞቁንና መጠጠሩን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። እሳቸው ቀይ ስለሆኑ ታየው። ከሥሩ ጠዋት ላይ የታናሹ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «ትራሱን ከባቷ ሥር አድርገው። ተረከዙ ምንም ሳይነካ በአየር ይቅር። አታሸው፤ ይብሳል።»

ማታ ታላቁ ጻፈ፦ «ይህን ከየት አወቅኸው?»

መልሱ ሁለት መስመር ነው፦ «ከአባዬ። እሱ ጀርባው ላይ ነበር፤ አምስት ወር።»

ታላቁ አባቱ በአልጋ ቁስል መሰቃየታቸውን አያውቅም ነበር። በስልክ የሚሰማው «ደህና ነው፣ ትንሽ ደከም ብሎታል» የሚል ነው። በዚያ ሳምንት ብቻውን ላነጋግረው ስሄድ ስለ ቤቱ አንድም ቃል አላነሳም፤ የአልጋ ቁስል ይሸት እንደሆነ ነበር የጠየቀኝ። እንደሚሸት ነገርኩት። ታናሹ ለጠበቃው በጻፈው መልስ ላይ «አባቴን አስታምሜአለሁ» ብሎ በሁለት ቃል ያለፈውን ነገር፣ ታላቁ በእናቱ ተረከዝ ላይ አንድ ሳንቲም የማታክል ቅላት ሲያይ ነው የገባው።

የታላቁ ቂም ደግሞ ከሌላ ቦታ ነበር የመጣው፤ እሱም ቢሆን ከጣሪያው ጋር ግንኙነት የለውም። አባቱ ያረፉትን የሰማው በሦስተኛው ቀን፣ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ይህን ለእኔ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል፤ ለወንድሙ ግን ነግሮት አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ «ድርሻዬን» እያለ ሲጮህ ይህንን ነበር የሚጮኸው። ያንን ሰምቼ ወዲያው ለታናሹ አለማድረሴ ትክክል ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

የወጣው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው። በአጋጣሚ እዚያው ነበርኩ። እናት ወደ ግርጌ ተንሸራተው ስለነበር ወደ ላይ መሳብ ነበረባቸው፤ ይህን ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ካደረገው የበሽተኛው ቆዳ ይፋቃል፣ የሳቢውም ወገብ ይሄዳል። ሁለቱ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ። ከሥራቸው የተነጠፈውን አንሶላ ዳር ዳሩን ወደ ሰውነታቸው ጠጋ አድርገው ጠቀለሉና ጨበጡት። ታናሹ «በሦስት» አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እናት ወደ ትራሱ ወጡ። አንሶላውን ሳይለቅ፣ ቀና ሳይል፣ ታናሹ ተናገረ፦

«እሱ ነው አትደውልለት ያለኝ። ሥራውን ጥሎ ይመጣና ይባረራል አለ። ከሞተ በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልደውል? ቀኑ ባለፈ ቁጥር ከበደኝ።»

ታላቁ ለረጅም ጊዜ አንሶላውን ማስተካከል ቀጠለ። ሊስተካከል የቀረ ነገር አልነበረም። ከዚያ «ብትደውል እመጣ ነበር» አለ። ታናሹ «አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለ።

«ጋሼ» የሚለውን ቃል ከአፉ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። በፋይሉ ውስጥ «ከሳሽ»፣ በንግግሩ ውስጥ «እሱ»፣ በደብተሩ ውስጥ ምንም አልነበረም። ዕርቅ ግን በአንድ ቃል አላለቀም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ መድኃኒት ወጪ ተጯጩኸው ሁለት ቀን ደብተሩ ባዶ አደረ። የተለወጠው ጩኸቱ የዚያኑ ቀን ጉዳይ ብቻ መሆኑ ነው፤ የአባትን ሞት እየጎተተ አይመጣም።

ወደ ሒሳቡ የገባነው በአምስተኛው ወር፣ ከቤቱ ውጭ፣ የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለቱ የመረጡት ገማች ቤቱን ሁለት ጊዜ ገመተ፤ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ የጓሮዎቹ ሁለት ክፍሎች እንደሌሉ አድርጎ። ሙሉው 100 ቢሆን ያለ ክፍሎቹ 88 ሆነ። ስለዚህ 12ቱ የታናሹ ነው። ታናሹ ያወጣው ገንዘብ ከዚህ ይበልጥ ነበርና ተቆጣ። ነገር ግን በጋራ ቤት ላይ የተጨመረ ነገር በወጪው ሳይሆን ቤቱ ላይ በጨመረው ዋጋ መለካቱ ነው ፍትሐዊ፤ አለበለዚያ አንዱ እንደፈለገው ገንብቶ ሌላውን ባለዕዳ ያደርገዋል። ጣሪያው ሌላ ነው። ያ ጭማሪ ሳይሆን ቤቱን ከመበላሸት ማዳን ስለሆነ ሁሉም ባለድርሻ ይካፈለዋል። ታላቁ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ኪራይ በወንድሙ ላይ ማስላት ጀምሮ ነበር። ራሱ ተወው። የአባቱን አምስት ወር ከጣሪያው ጋር ደምሮ ከኪራዩ ጋር አቻችሎ ሰረዘው፤ ስንት በስንት እንደተቻቻለ አልጻፍንም። በየወሩ የላከውም ለወላጆቹ ኑሮ እንጂ ለቤቱ እንዳልነበረ ተቀበለ።

የቀረው 88 ነው። ግማሹ 44 የእናት። ቀሪው 44 የአባት ውርስ፣ ለእያንዳንዳቸው 22። ታናሹ ከጓሮው ጋር 34 ሲሆንለት የታላቁን 22 ለመግዛት ተስማማ፤ በአንዴ የሚከፍለው ግን የለውም። በየዓመቱ 4.4 ሆኖ በአምስት ዓመት ይከፈል አልን። ዋጋውን ዛሬ በገንዘብ ብንቆርጠው የገንዘቡ ዋጋ ሲወርድ ታላቁ ይጎዳል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ በዚያ ዓመት ግምት ይሰላል የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። በየዓመቱ ለገማች መክፈል ያስወጣል፣ ለጭቅጭቅም በር ይከፍታል። ሁለቱም አውቀውት ነው የመረጡት።

የእናትን 44 ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ታላቁ «አንዴ ተቀምጠናል፣ እሱንም እንጨርሰው» ብሎ ነበር። በሕይወት ባለ ሰው ውርስ ላይ ወራሾቹ የሚያደርጉትን ውል ብዙ ሕጎች ዋጋ ቢስ ያደርጉታል። ከሕጉም በላይ ግን ያን ማታ 4 ሰዓት ላይ እሱ ራሱ ሄዶ የሚገለብጣት ሴት ናት።

ሁለተኛው ስሕተቴ የታየኝ ወረቀቱ ሲፈረም ነው። የታናሹ ሚስት በአንድም ስብሰባ ላይ አልነበረችም፤ አልጠራኋትም። ወራሽ አይደለችማ። የቀኑን እጥበት፣ ሽንት ጨርቁን፣ አፋቸውን ማጽዳቱን፣ ግማሹን ደብተር የያዘችው ግን እሷ ናት፤ የአባትየውንም ቁስል ስታጥብ የነበረችው እሷው ናት። ሊፈርም የመጣውን ባሏን ተከትላ ገብታ ወረቀቱን አነበበችና «የምትካፈሉት እኮ እኔ የምጠርገውን ቤት ነው» አለች፤ ያለ ቁጣ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉ ለሙሉ እረፍት እንድታገኝ ታላቁ የቀኑንም እንዲይዝ ተደረገ። በውሉ ላይ ለእሷ የተጻፈ ነገር የለም። ማካካሻ አይባልም።

እናት በስምንተኛው ወር በሳንባ ምች አረፉ። የተረከዙ ቅላት ተመልሶ አልመጣም ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ታላቁን በታናሹ ስም ሲጠሩት «አቤት» ይል ነበር። አንድ ቀን ታናሹ በበሩ ቆሞ ሰምቶት፣ እሱም ዝም ብሎ ተመለሰ።

44ቱ አሁን ውርስ ሆነ፤ እኩል 22 በ22። የታላቁ ድርሻ 44 ስለሆነ ውሉን በዓመት በዚያው 4.4 ወደ አሥር ዓመት አራዘሙት። እኔ ዘንድ የቆዩት 40 ደቂቃ ነው። ከዚያ ግን ሊነሱ ሲሉ ታላቁ ደብተሩን እንደሚወስድ ተናገረ። ታናሹ አይሆንም አለ። ድምፃቸው ከፍ አለ። ፎቶ ኮፒ ይነሳ አልኩ፤ ሁለቱም ኮፒውን አልፈለጉም። ሳይስማሙ ወጡ። ባለፈው ወር ስደውል ሚስቲቱ አነሳችና ደብተሩ የት እንዳለ ጠየቅኋት። እሷ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች።